ክሪያቲኒን ከፍ፣ ኢጂኤፍአር ዝቅ ብሎ መጣ? ምርመራውን በትክክል ለመድገምና ለማንበብ ዝርዝር መመሪያ

አርኤፍቲ የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ተሠርቶላችሁ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሪያቲኒን የሚባል ቆሻሻ ላይ ወደላይ የሚያሳይ ቀስት አያችሁ፣ ከስሩ ደግሞ ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምተው ኢጂኤፍአር ከ60 በታች ተጽፏል። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ይረሳዋል። ሌላው ይደነግጥና ሊያስደግም ይሮጣል፣ ግን ሲደግም ልክ እንደመጀመሪያው ማታ ጥብስ በልቶ፣ ጂም ውሎ፣ ጠዋት ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ያው ሆኖ ይመጣና በቃ ኩላሊቴ አለቀ ይላል። ይሄ መመሪያ ለሁለቱም ነው። ውሃና ጡንቻ ቁጥሩን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱት፣ ለድጋሚው ምርመራ እንዴት እንደምትዘጋጁና የመጣውን ውጤት እንዴት እንደምታነቡት በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

## 1. መጀመሪያ፦ መጠበቅ የሌለባችሁ ከሆነ አትጠብቁ

ከታች ያለው ዝግጅት ሰውነቱ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ላይ ብቻ ችግር ለታየበት ሰው ነው። ከነዚህ አንዱ ካለባችሁ ዝግጅቱን ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ፦

- ሽንት በጣም ከቀነሰ ወይም ከቆመ
- ፊት ወይም እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ
- የማያቋርጥ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለና ውሃ መያዝ ካልቻላችሁ
- ሽንት የኮካ ኮላ ወይም የሻይ ቀለም ከያዘ፣ በተለይ ከከባድ ስፖርት በኋላ ጡንቻ ላይ ከባድ ሕመም ካለ
- ፖታሲየም ከፍ ብሏል ከተባላችሁ
- ክሪያቲኒን በ2 ቀን ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ

የመጨረሻዋን ልብ በሉ። 1.6 ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የቆመ ክሪያቲኒን ካለው ሰው ይልቅ ከትናንት ወዲያ 0.9 የነበረና ዛሬ 1.3 የሆነ ሰው ነው ቶሎ መታየት ያለበት፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም።

## 2. ወረቀቱን አንብቡ

ወረቀቱ ላይ ብዙ መስመር አለ፣ ለአሁኑ የምትፈልጉት ግን እነዚህን ነው። የአንድ የ34 ዓመት ወንድ ውጤት እንውሰድ፣ እስከ መጨረሻው በሱ ነው የምንሠራው፦

```
Creatinine   1.6   mg/dL
Urea         72    mg/dL
eGFR         58    mL/min/1.73m2
```

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። አገር ቤትና አሜሪካ በብዛት ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ አውሮፓ ግን ማይክሮሞል በሊትር ይጽፋሉ። 141 የሚል ውጤት አይታችሁ እንዳትደነግጡ፣ ለ88.4 አካፍሉት፣ 1.6 ይመጣል፣ አንድ ነገር ነው።

ቀጥሎ ዕድሜና ጾታ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። ቀልድ አይደለም፣ ኢጂኤፍአር ከደም የሚለካ ነገር ሳይሆን ከክሪያቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ በስሌት የሚወጣ ግምት ነው። ሪሴፕሽን ላይ ወንድን ሴት ብለው ካስገቡት ወይም ዕድሜን ካሳሳቱ ደሙ ልክ ሆኖ ኢጂኤፍአሩ ብቻ ይበላሻል። ላብራቶሪው ካላወጣላችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ራሳችሁ አስሉት። አሁን የሚሠራበት የ2021 ቀመር ይሄ ነው፦

```
eGFR = 142 × min(Scr/κ,1)^α × max(Scr/κ,1)^-1.200 × 0.9938^Age × 1.012 [female]
κ = 0.9 (male), 0.7 (female)
α = -0.302 (male), -0.241 (female)
```

ለኛ ሰው 1.6ን ለ0.9 ስናካፍል 1.778 ይመጣል፣ ከ1 ስለሚበልጥ የፊተኛው ክፍል 1 ሆኖ ይቀራል፣ ሁለተኛው 0.501፣ የዕድሜው 0.809፣ ስለዚህ 142 ሲባዛ በ0.501 ሲባዛ በ0.809 ወደ 58 ይሆናል። ወረቀቱ ልክ ነው ማለት ነው። ቀመሩ ላይ Scr የሚለው ክሪያቲኒኑ ነው፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር መሆን አለበት፣ በማይክሮሞል ካስገባችሁት የማይረባ ቁጥር ነው የሚወጣው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይሄንን ቀመር አትጠቀሙ።

አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። የድሮ ውጤታችሁ ላይ ለጥቁሮች ተብሎ ለብቻው የተጻፈ ከፍ ያለ መስመር ካለ፣ እሱ ከ2021 በፊት በነበረው ቀመር 16 በመቶ ገደማ ተጨምሮበት የወጣ ነው። ያንን ከአሁኑ ጋር አስተያይታችሁ ኩላሊቴ ወረደ አትበሉ፣ ክሪያቲኒኑን ከክሪያቲኒን ጋር አስተያዩ።

## 3. ቁጥሩ ለምን እንደሚንቀሳቀስ ተረዱ

ክሪያቲኒን ጡንቻ ውስጥ ካለው ክሪያቲን በየቀኑ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ያጣራውና በሽንት ይወጣል። ደም ውስጥ ያለው መጠን የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፣ ምን ያህል እንደሚመረትና ምን ያህል እንደሚወጣ። ቀመሩ የሚያውቀው ዕድሜና ጾታን ብቻ ስለሆነ በዚያ ዕድሜ ያለ አማካይ ሰው የሚያመርተውን ያህል ታመርታላችሁ ብሎ ይገምታል። ጡንቻችሁ ከአማካዩ በጣም ከበለጠ ኩላሊታችሁ ደህና ሆኖ ኢጂኤፍአሩ ዝቅ ይላል፣ ጡንቻችሁ ካነሰ ደግሞ ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ጥሩ ይመስላል።

ውሃ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ሰውነት ሲደርቅ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ማጣራቱ ለዚያ ጊዜ በእውነት ይቀንሳል፣ የላብራቶሪ ስህተት አይደለም። ኩላሊት ያኔ ውሃውን ለማስቀረት ሲል ዩሪያ የሚባለውን ሌላ ቆሻሻም አብሮ ወደ ደም ይመልሳል፣ ክሪያቲኒንን ግን እንደዛ አይመልስም። ለዚህ ነው ድርቀት ላይ ዩሪያ ከክሪያቲኒን በላይ የሚዘለው፣ ይሄ ደረጃ 6 ላይ ያስፈልገናል።

## 4. ዝግጅት፦ ከምርመራው በፊት ያሉት 3 ቀናት

ኢጂኤፍአር ከ60 በታች መጀመሪያ ጊዜ ከታየ በ2 ሳምንት ውስጥ ድገሙት፣ ከዚያ በላይ አታቆዩት።

ስፖርት። ለ3 ቀን ከባድ ክብደት ማንሳት፣ ረጅም ሩጫና ከባድ የጉልበት ሥራ አቁሙ። በእግር መሄድ ችግር የለውም። ሥራችሁ ሸክም ከሆነና ማቆም ካልቻላችሁ በእረፍታችሁ ማግስት ጠዋት ተመርመሩ፣ ለሐኪሙም ንገሩት።

የክሪያቲን ዱቄት። ጂም የምትሄዱ ይሄን አትደብቁ። ዱቄቱ ራሱ ወደ ክሪያቲኒን ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ዛሬውኑ አቁሙ፣ ግን ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ወደ ቦታው ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ ስለዚህ በ10 ቀን ድገሙ ስትባሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሥጋ። ከምርመራው በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ሥጋ አትብሉ፣ እኔ ግን ከአንድ ቀን በፊት ጀምሩ ነው የምለው። ሥጋ ሲበስል በውስጡ ያለው ክሪያቲን ወደ ክሪያቲኒን ይቀየራል፣ እንደተበላ ሆድ ገብቶ ደም ውስጥ ይገኛል፣ ለብዙ ሰዓት የበሰለ ቀይ ወጥ ደግሞ ይብሳል። በተለይ ፋሲካና ገና ማግስት የተሠራ ምርመራ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር ሲበላ የከረመ ሰው በ2 ቀን ሥጋ ሲበላ ቁጥሩ ይዘላል። በዓል ካለ አንድ ሳምንት አሳልፉት።

መድኃኒት። ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ የምትወስዱ ከሆነ አቁሙ፣ እነዚህ ማጣራቱን ራሱ ይቀንሱታል፣ ሰውነት በደረቀበት ሰዓት ደግሞ ይብሳሉ። ሐኪም ያዘዘላችሁን ማንኛውንም መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ የግፊት መድኃኒትንም ጨምሮ። ስሙን ጽፋችሁ ብቻ ያዙ።

ኮትራይሞክሳዞል እና የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪር ለየት ይላሉ። ክሪያቲኒን በማጣራት ብቻ ሳይሆን ትንሽ ክፍሉ በሌላ በር ይወጣል፣ እነዚህ መድኃኒቶች ያችን በር ይዘጋሉ። ዶሉቴግራቪር በተጀመረ በመጀመሪያው ወር ክሪያቲኒን በ0.1 ወይም 0.15 ገደማ ከፍ ብሎ እዚያው ይቆማል፣ ማጣራቱ ግን አልተነካም። ስለዚህ እዛች ላይ ደንግጦ መድኃኒት ማቆም ትልቅ ጥፋት ነው። ከዚያ በላይ ከጨመረ ወይም ወር በወር እየጨመረ ከሄደ ግን ሌላ ምክንያት ይፈለግ።

## 5. ውሃ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው

ላብራቶሪ "ባዶ ሆድህን ና" ሲሉ ሰው ውሃም አይጠጣም። ባዶ ሆድ የሚባለው ለስኳርና ለኮሌስትሮል ነው፣ እሱም ቢሆን ውሃን አይከለክልም። ማታ 2 ሰዓት እራት በልቶ፣ ጠዋት ሳይጠጣ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ላብራቶሪ ወረፋ ጠብቆ 5 ሰዓት ላይ ደም የሚሰጥ ሰው 15 ሰዓት ሳይጠጣ ቆይቷል ማለት ነው። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከምርመራው በፊት ባለው ቀን እንደወትሮው ጠጡ፣ ለጤነኛ አዋቂ ቀኑን ሙሉ የተከፋፈለ 2 ሊትር ገደማ ይበቃል። ሙቀት ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ አፋር ወይም አረብ አገር ውጭ የምትሠሩ ከሆነ ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል።
2. ማታ ሽንታችሁን እዩ። ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ገና ደርቃችኋል።
3. ጠዋት እንደተነሳችሁ 2 ብርጭቆ ውሃ ጠጡ።
4. ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ደም ስጡ።

የምትጾሙ ሰዎች፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳትቀምሱ የምትቆዩ ወይም ረመዳን ላይ ያላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደም አትስጡ። ጾሙ 2 ሳምንቱ ሳያልፍ የሚያልቅ ከሆነ እስኪያልፍ ቀጠሮ አዛውሩ። የማይቻል ከሆነ ማታ በደንብ ጠጥታችሁ ጠዋት በማለዳ ስጡ፣ ወረቀቱ ላይም ጾመኛ መሆናችሁን አስጽፉ።

ማስጠንቀቂያ። ቁጥሩን ላውርደው ብላችሁ በአንድ ጊዜ 3 እና 4 ሊትር ውሃ አትጋቱ። ኩላሊትን አያጥብም፣ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርድና ራስን እስከመሳት ሊያደርስ ይችላል። የልብ ድካም ያለበት፣ እብጠት ያለበት ወይም ውሃ ቀንስ የተባለ ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን መጠን ይተውና ሐኪሙ የነገረውን ይጠጣ። ተቅማጥ ይዟችሁ ከነበረ ወይም ጉሉኮስ ተሰጥቷችሁ ከነበረ ምርመራውን ትንሽ አቆዩት፣ ምክንያቱም ክሪያቲኒን ወዲያው አይከተልም፣ ኩላሊት ከተሻለው በኋላም ቁጥሩ አንድና ሁለት ቀን ይዘገያል፣ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ሲገባ ደግሞ ደሙ ቀጥኖ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ቁጥሩ እየተንቀሳቀሰ ባለበት ሰዓት ኢጂኤፍአር ምንም አይነግራችሁም።

## 6. ደም ስጡና ሁለቱን ውጤት አስተያዩ

የመጀመሪያው የተሠራበት ላብራቶሪ ተመለሱ። ላብራቶሪዎች የሚለኩበት ዘዴ ስለሚለያይ እዚህ 1.4 የነበረ እዚያ 1.3 ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ቀነሰልኝ ወይም ጨመረብኝ ማለት አይቻልም። አንድ ሰው ላይ አንድ ቦታ እንኳን ቢሠራ የ0.1 ልዩነት ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም።

ክሪያቲኒን ሲደገም ዩሪያም አብሮ ይሠራ፣ ሽንትም ይታይ። ሽንት ላይ ኤሲአር፣ ማለትም አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲንና የክሪያቲኒን ሬሾ የሚባለውን ጠይቁ፣ ከሌለ ተራ የሽንት ምርመራ ላይ ፕሮቲንና ደም ይታይ። ይሄን የምጫንበት ምክንያት አለኝ፣ ሽንት ላይ ያለ አልቡሚን በጡንቻ ብዛት አይመጣም። ከባድ ስፖርትና ትኩሳት ግን ለጊዜው ሊያሳዩት ይችላሉ፣ ስለዚህ የ3 ቀኑ እረፍት እዚህም ይጠቅማል።

አሁን ስሌቱ። ወረቀቱ ላይ ዩሪያ ተብሎ በሚሊግራም በዴሲሊትር ከተጻፈ ለ2.14 አካፍሉት፣ የሚመጣው ቢዩኤን ይባላል። ቢዩኤን ተብሎ ከተጻፈ አታካፍሉት፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳትና ሬሾውን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያ ቢዩኤኑን ለክሪያቲኒን አካፍሉ።

የኛ ሰው መጀመሪያ የተመረመረው ማክሰኞ ሲሆን ሰኞ ማታ ጂም ነበረ፣ ጥብስ በልቷል፣ ጠዋት ውሃ አልጠጣም፣ የክሪያቲን ዱቄትም ይወስዳል። ዩሪያ 72 ለ2.14 ሲካፈል 33.6፣ ያ ለ1.6 ሲካፈል 21። ከ20 በላይ ሲሆን ድርቀትን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ከ10 ቀን በኋላ ተዘጋጅቶ ሲሄድ እንዲህ ሆነ፦

```
Creatinine   1.3   mg/dL
Urea         34    mg/dL
eGFR         74    mL/min/1.73m2
Urine ACR    8     mg/g
```

ቢዩኤን 15.9፣ ሬሾው 12። ዩሪያው ከግማሽ በታች ወረደ፣ ክሪያቲኒኑ ግን በ0.3 ብቻ። የወረደው የድርቀቱ፣ የሥጋውና የስፖርቱ ድርሻ ነው፣ የቀረው 1.3 ደግሞ ጡንቻና ገና ያልወጣው ዱቄት ሊሆን ይችላል፣ ሽንቱም ንጹሕ ነው፣ ኤሲአሩ ከ30 በታች ስለሆነ።

ሬሾውን ግን ብቻውን አትመኑት። ጨጓራው የሚደማ ሰው ወይም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሳይደርቅ ሬሾው ይጨምራል። በተቃራኒው ጡንቻው የበዛ ሰው ደርቆም ክሪያቲኒኑ ከፍ ስለሚል ሬሾው ከ20 በታች ሊቀር ይችላል።

## 7. አሁንም ከፍ ብሎ ከቀረ፦ የጡንቻውን ጥያቄ ፍቱ

በዝግጅት ተደግሞም ከፍ ካለ "ጡንቻ ነው" ብላችሁ አትዝጉት። መለየት ይቻላል። ሲስታቲን ሲ የሚባል የደም ምርመራ አለ፣ ይሄ ከሁሉም የሰውነት ሴል የሚወጣ ስለሆነ ጡንቻ ብዙም አያንቀሳቅሰውም። የኛ ሰው ሲስታቲን ሲው 0.85 ሚሊግራም በሊትር መጣ እንበል፣ በራሱ ቀመር ሲሰላ ኢጂኤፍአሩ ወደ 107 ነው። በክሪያቲኒን 74፣ በሲስታቲን 107፣ ሽንት ንጹሕ። እንዲህ ሲሆን የኩላሊት በሽታ አለብህ የሚያስብል ነገር የለም።

ሲስታቲን ሲ በየላብራቶሪው አይገኝም፣ ዋጋውም ከክሪያቲኒን ይበልጣል። ካጣችሁት የሽንት አልቡሚን፣ የደም ግፊትና አልትራሳውንድ ይታዩና ክሪያቲኒኑ ከ3 ወር በኋላ በዛው ዝግጅት ይደገም። ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ለማለት ችግሩ ቢያንስ 3 ወር መቆየት አለበት። 1.3 ሆኖ 1.3 ላይ የሚቆይ ቁጥርና 1.3፣ 1.5፣ 1.7 እያለ የሚሄድ ቁጥር በፍጹም አንድ አይደሉም። ሲስታቲን ሲም የራሱ ጣጣ አለው፣ ስቴሮይድ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ሲጋራና ከባድ ውፍረት ያንቀሳቅሱታል።

## 8. ጥሩ የሚመስለውን ቁጥር አትመኑ፦ የከሱ ሰዎች ጉዳይ

ይሄ ክፍል ወላጆቻችሁን ለምታስታምሙ ነው፣ እኔን ከላይኛው በላይ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። የ72 ዓመት እናት፣ ከስተው፣ ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ የሚውሉ፣ ክሪያቲኒናቸው 0.8። ወረቀቱ ላይ ምንም ቀስት የለም፣ ኢጂኤፍአሩም 78 ይላል፣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። ግን ጡንቻቸው ስላለቀ የሚያመርቱት ክሪያቲኒን ራሱ ትንሽ ነው። ሲስታቲን ሲ ቢሠራላቸውና 1.3 ቢመጣ ኢጂኤፍአሩ 49 ይሆናል። ከ78 ወደ 49!

ልዩነቱ የሚታየው መድኃኒት ላይ ነው። ሜትፎርሚን ለምሳሌ ከ45 በታች ሲሆን እንደ አዲስ አይጀመርም፣ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል፣ ሌሎች ብዙ መድኃኒቶችም መጠናቸው በኩላሊት ነው የሚወሰነው። ስለዚህ በጣም ለከሳ፣ ለረጅም ጊዜ ለተኛ፣ እጅ ወይም እግር ለተቆረጠ ወይም የጉበት በሽታ ላለበት ሰው በክሪያቲኒን ብቻ የወጣን ኢጂኤፍአር ይዛችሁ አትረፉ፣ "ጡንቻቸው ስላነሰ በሌላ መንገድ ይታይልን ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሽንታቸውም ይመርመር። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ክሪያቲኒን ከ0.5 ወደ 0.9 ቢወጣ ወረቀቱ ኖርማል ይለዋል፣ እናንተ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደቀረው አስተውሉ። የድሮ ወረቀት የማትጥሉትም ለዚህ ነው።

## 9. ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትይዙት

ሁለቱን ውጤት ከነቀናቸውና ከነላብራቶሪያቸው፣ ካላችሁ የድሮዎቹንም ያዙ። በአንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ለየምርመራው እነዚህን ጻፉ፦ ደም የተሰጠበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ለስንት ሰዓት ውሃ እንዳልጠጣችሁ፣ ሥጋ መቼ እንደበላችሁ፣ ከባድ ስፖርት መቼ እንደሠራችሁ፣ የምትወስዱት መድኃኒትና ዱቄት ከነመጠኑ፣ ክብደታችሁና ቁመታችሁ። የባህል መድኃኒት ከወሰዳችሁም ሳታፍሩ ጻፉት፣ ሐኪሙ ያንን ካላወቀ ሌላውን ሁሉ በተሳሳተ መንገድ ነው የሚያነበው።